«ኤክሴል በአማርኛ» እና «የደመወዝ ግብር በኤክሴል»፦ በቱሉ ዲምቱ የአንድ ሱቅ ቻናል የጉዳይ ጥናት

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው በዚያ አካባቢ ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለች አንዲት ሱቅ ነው። ከፊት ሞባይል ይጠገናል። ከጀርባ፣ በመጋረጃ በተለየች ክፍል ውስጥ፣ መሠረታዊ የኮምፒውተር ሥልጠና ይሰጣል። ሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ከቃሊቲና ከአቃቂ መጋዘኖችና አነስተኛ ፋብሪካዎች የሚመጡ የሒሳብና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ናቸው፤ ከሥራ ሲወጡ ይመጣሉ፣ መብራት ከጠፋ ይመለሳሉ። ጠጋኙና አሠልጣኟ በጋራ የዩቲዩብ ቻናል ከፍተው ሁለቱንም ሥራ በቪዲዮ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ጥናት ሰፊውን የፍለጋ ቃል ትተው ጠባብ ሐረግ ሲመርጡ ምን እንደተለወጠ ያሳያል።

የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮዎች ርዕስ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዓይነት ነበር፦ «ኤክሴል በአማርኛ ሙሉ ትምህርት ክፍል 1» እና «የሞባይል ጥገና ትምህርት ለጀማሪዎች»። ሁለቱም በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ስክሪኑ ይነበባል። ያዩአቸው ግን ሠልጣኞቹ ራሳቸው፣ ጓደኞቻቸውና በቴሌግራም ሊንክ የደረሳቸው ሰዎች ነበሩ። በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ክፍል ሲታይ፣ ከፍለጋ የመጣው ሰው ከምንም አይቆጠርም ነበር። ፈላጊ ጠፍቶ አልነበረም። «ኤክሴል በአማርኛ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

ሰፊ ቃል ምን ይደብቃል

«ኤክሴል በአማርኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈልግ ቃሉ አይናገርም። አንዱ ሥራ ሊያመለክት ስለሆነ ከዜሮ መጀመር ይፈልጋል፤ አንዷ የተማሪዎችን ውጤት ደረጃ ማውጣት ትፈልጋለች፤ ሌላው አማርኛ ፊደል ኤክሴል ውስጥ አልጻፍ ብሎት ነው። ዩቲዩብ የፍለጋ ውጤትን ሲደረድር በዋናነት የሚያያቸው ነገሮች ቪዲዮው ከተጻፈው ጋር ያለው ዝምድና፣ ቀደም ሲል በዚያው ፍለጋ የመጡ ሰዎች ቪዲዮውን እንዴት እንዳዩት፣ እንዲሁም የቻናሉ ተአማኒነት እንደሆኑ ኩባንያው ራሱ ይገልጻል። ፍላጎቱ ድፍን በሆነበት ቃል ላይ ዝምድና ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ያጋድላል፤ በነዚያ ደግሞ የረጅም ጊዜ የተመልካች ታሪክ ያለው ትልቅ ቻናል ያሸንፋል። አዲስ ቻናል በዚህ ቃል ሲገባ የሚወዳደረው በማስተማር ችሎታው ሳይሆን በሌለው ታሪኩ ነው።

በቁጥር ለማየት እንዲመች አንድ የግምት ስሌት እንሥራ፤ ከቻናሉ የተወሰደ አይደለም። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሽ ያህሉ፣ ምስላቸው ለተመልካች በታየ ቁጥር የመከፈት ዕድላቸው ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው። አንድ ቪዲዮ በሰፊ ቃል 1,000 ጊዜ ታይቶ በ2 በመቶ ቢከፈት 20 ሰው ይገባል። በጠባብ ቃል 100 ጊዜ ብቻ ታይቶ በ10 በመቶ ቢከፈት የሚገባው 10 ነው። ሃያው ከአሥሩ ይበልጣል። ነገር ግን ከሃያዎቹ አብዛኞቹ «እኔ የፈለግሁት ይህን አይደለም» ብለው በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ይወጣሉ፤ መውጣታቸውም በቀጣዩ ሳምንት 1,000 የነበረውን መታየት ይቀንሰዋል። አሥሩ ግን ለመልሱ የመጡ ናቸው።

በእንግሊዝኛ ሎንግ ቴይል የሚባለው ይህ ጠባቡ ወገን ነው፤ ቃል በቃል ረጅም ጭራ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከግራፍ ነው፦ ፍለጋዎች ከብዙ ተፈላጊው ወደ ጥቂት ተፈላጊው ቢደረደሩ፣ ጥቂት ቃላት እንደ ራስ ከፍ ብለው ይቆሙና እጅግ ብዙ ሐረጎች ደግሞ እንደ ጭራ ዝቅ ብለው ይረዝማሉ። የሚረዝመው ግራፉ እንጂ ሐረጉ አይደለም። ሱቋ መጀመሪያ የሳተችው እዚህ ላይ ነው። «ሰፊ ቃል አይሠራም» ሲባሉ ርዕሱን «ኤክሴል ትምህርት በአማርኛ ለጀማሪዎች ከሀ እስከ ፐ ሙሉ ኮርስ» ብለው አስረዘሙት፤ ምንም አልተለወጠም። ዘጠኝ ቃል ቢኖረውም ፍላጎቱ ያው ድፍን ነው። በአንጻሩ ኤክሴል ስህተት ሲያገኝ የሚያሳያት `#VALUE!` አንዲት ቃል ናት፤ የሚጽፋት ሰው ግን ምን እንደገጠመው በትክክል ይታወቃል። ጠባብነት የሚለካው ቃሉን የሚጽፈው ሰው ስንት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል በመጠየቅ ነው።

ቃሉ የተገኘው ከባንኮኒ ነው

የቁልፍ ቃል መሣሪያዎች በዚህ ጉዳይ ብዙም አልረዱም። ለአማርኛ ሐረግ የወር የፍለጋ ብዛት ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ ባዶ ወይም ዜሮ ይመልሳሉ፤ ጎግል ትሬንድስም በቂ መረጃ የለም ይላል። ዜሮው የሚነግረን መሣሪያው እንዳልቆጠረ ብቻ ነው፤ ሰው አልፈለገም ማለት አይደለም። ጭራው የሚኖረው እዚያው ዜሮው ውስጥ ነው።

የሠራው ዘዴ ደብተር ነበር። ጠጋኙ ደንበኛ ስልኩን ባንኮኒ ላይ ሲያስቀምጥ የሚናገራትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሳያርም መጻፍ ጀመረ። ሳያርም የሚለው ወሳኝ ነው፤ ባለሙያ የሰማውን ወዲያው ወደ ሙያ ቋንቋ ይተረጉመዋልና። ደንበኛው «ቻርጅ አይገባም» ሲል ጠጋኙ በልቡ «ቻርጂንግ ቦርድ» ይላል፤ ቪዲዮውንም «የቻርጂንግ ቦርድ አቀያየር» ብሎ ይሰይመዋል። ስልኩ የተበላሸበት ሰው ግን ቦርድ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም።

ደብተሩ ሲገለጥ አንድ የሚመስለው ችግር ሦስት ሆኖ ተገኘ። «ቻርጅ አይገባም» የሚል አለ፤ «ቻርጅ አይዝም» የሚል አለ፤ «ቻርጅ ያደርጋል ግን ፐርሰንቱ አይጨምርም» የሚልም አለ። የመጀመሪያው ስልክ ሲመጣ በቻርጀሩና በስልኩ መካከል ዩኤስቢ ቴስተር ይሰካል፤ 0.00 አምፔር ካነበበ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ገመዱ፣ በኪስ ጨርቅ ብናኝ የታፈነው ሶኬት ወይም የተጣመመው ፒን ናቸው። ሁለተኛው ስልክ ጅረቱን በደንብ ይቀበላል፤ ሞልቶ ሳለ ቶሎ የሚያልቀው ባትሪው ስላረጀ ነው። ሦስተኛው ላይ ቴስተሩ ትንሽ ጅረት ያሳያል፤ አዳፕተሩ ወይም ገመዱ ደካማ ነው፣ ወይም ስልኩ ስክሪኑ በርቶ ዳታ እየበላ ከሚገባው በላይ ያወጣል። በሚቀራረቡ ግሦች ሦስት የተለያየ ጥገና ተሸፍኖ ነበር። «የሞባይል ቻርጅ ችግር» የሚል አንድ ቪዲዮ ሦስቱንም ሰብስቦ ሦስቱንም ተመልካች ያስጠብቃል፤ የሚያስጠብቀው ደግሞ የዳታ ጥቅሉ እየቆጠረበት ነው።

ከደብተሩ የወጣ እያንዳንዱ ሐረግ ወደ ዩቲዩብ መፈለጊያ ይወሰዳል። ከአካውንት ወጥቶ፣ የፍለጋ ታሪክ በሌለበት መስኮት፣ ሐረጉ ቃል በቃል ይጻፋል፤ ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ክፍት ቦታ ተትቶ ከሥር የሚወርዱት ጥቆማዎች ይታያሉ። ጥቆማ መውረዱ ሌላ ሰውም ያንን እንደሚፈልግ ይጠቁማል፤ ስንት ሰው እንደሆነ ግን አይናገርም። ቀጥሎ ውጤቱ ይከፈታል። መታየት ያለበት ከላይ ያሉት ቪዲዮዎች የተጠየቀውን ይመልሱ እንደሆነ ነው። «ቻርጅ አይዝም» ተብሎ ተፈልጎ ከላይ የሚወጡት ስለ ባትሪ አያያዝ የሚመክሩ ወይም በሌላ ቋንቋ የተሠሩ ከሆኑ፣ ቦታው ክፍት ነው።

ይህ ሁሉ በሦስት አጻጻፍ ይደገማል፤ አማርኛ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ በፊደል አይፈልግምና። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ወይም መቀያየር የሰለቸው ሰው `demoz gibir` ብሎ በላቲን ይጽፋል። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያለው `payroll excel ethiopia` ይላል። በፊደል የሚጽፈውም አንድ አይደለም፤ «ደመወዝ» የሚል አለ፣ «ደሞዝ» የሚል አለ፣ «ኤክሴል» እና «ኤክሰል» ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ሐ እና ሀ፣ ሠ እና ሰ እንደየሰው ልማድ ይቀያየራሉ። ዩቲዩብ እነዚህን እንደ አንድ ያያቸዋል ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ሁለቱንም ጽፎ ውጤቱን ማነጻጸር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አንዷ ቪዲዮ በዝርዝር

ከሥልጠና ክፍሏ የወጣው ደብተር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይዞ ነበር፦ «የሠራተኛ ደመወዝ ግብር በኤክሴል እንዴት ይሰላል?» ጊዜውም የራሱ ምክንያት ነበረው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ የመቀጠር ገቢ ግብር ተመን ተለውጧል። ቀድሞ በአዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ የነበረው እስከ 600 ብር ድረስ ሲሆን አሁን እስከ 2,000 ብር ሆኗል፤ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖችም ተቀይረዋል። በየመጋዘኑ ያለው የደመወዝ ፋይል ግን አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ሠርቶት የሄደ ነው፤ ፎርሙላውን የሚነካ የለም።

አሠልጣኟ መጀመሪያ ያሰበችው በክፍል የምታስተምረውን፣ በ`IF` ውስጥ `IF` የተደራረበበትን ረጅም ፎርሙላ ለማሳየት ነበር። ሁለት ነገር ከለከላት። አንደኛ፣ በርካታ ቅንፍ መዝጋት ያለበት ጀማሪ አንዱን ይረሳል። ሁለተኛው ከዚህ በፊት ያልተጠረጠረ ነው፦ ዩቲዩብ በርዕስና በመግለጫ ውስጥ የማነስና የመብለጥ ምልክቶችን አይቀበልም። እንዲህ ያለው የ`IF` ፎርሙላ ያለ እነዚህ ምልክቶች አይጻፍም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ከመግለጫው ኮፒ እንዲያደርገው ማስቀመጥ አይቻልም። ፎርሙላ የሚያስተምር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ግድግዳ ይገጥመዋል።

መፍትሔው ያለ ማወዳደሪያ ምልክት የሚሠራ ፎርሙላ ሆነ፦

```
=ROUND(MAX(0,B2*15%-300,B2*20%-500,B2*25%-850,B2*30%-1350,B2*35%-2050),2)
```

ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው፤ የሚቀነሱት ቁጥሮች የየእርከኑ ተቀናሾች ናቸው። `MAX` ትክክለኛውን እርከን ራሱ የሚመርጠው ተመኑ ከእርከን እርከን እየጨመረ ስለሚሄድ ነው፤ ለማንኛውም ደመወዝ ትክክለኛው እርከን ከሌሎቹ ሁሉ ትልቁን ውጤት ይሰጣል። ቪዲዮው ላይ የተሠራው ምሳሌ አበል የሌለው የ12,000 ብር ደመወዝ ነው። በ25 በመቶው መስመር 2,150፣ በ30ው 2,250፣ በ35ው 2,150 ይወጣል፤ ግብሩ 2,250 ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ 840 ብር ተቀንሶ በእጅ የሚገባው 8,910 ብር ይሆናል። በአሮጌው ፎርሙላ ግብሩ 2,700 ይወጣ ስለነበር ፋይሉን ያላስተካከለ ቀጣሪ ከዚህ ሠራተኛ በወር 450 ብር በትርፍ ይቆርጣል። ይህች 450 ብር በቪዲዮው የመጀመሪያ 20 ሰኮንድ ውስጥ ተነገረች። ለተመልካቹ ፋይሌ ውስጥ የትኛው ፎርሙላ ነው ያለው የሚለውን ለማጣራት ከዚህ የሚሻል መነሻ የለም፤ 12,000 አስገብቶ 2,700 ካየ አሮጌው ነው።

ርዕሱ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። የመጀመሪያው «የ2018 የደመወዝ ግብር አሠራር በኤክሴል» ነበር። የማይታይ ጉድጓድ ነበረበት፦ ዩቲዩብ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያሳያል፤ ተመልካቹም ቪዲዮ ሲመርጥ ልማዱ በዚያው ነው። 2018 የሚለውን ያለ ዓ.ም ሲያየው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ቪዲዮ መስሎት ያልፋል። በተቃራኒው 2025 ቢባል ደግሞ «የዘንድሮው ነው ወይስ የአምናው?» የሚል ጥያቄ ያመጣል፤ የበጀት ዓመቱ ሁለቱን ይከፍላቸዋልና። ሁለተኛው ርዕስ የአዋጁን ቁጥር ከፊት አስቀመጠ፤ ትክክል ነው፣ ግን የአዋጅ ቁጥር የሚፈልገው ሕግ አዋቂ እንጂ ደመወዝ ሠሪ አይደለም። የጸናው ሦስተኛው ነው፦ «የደመወዝ ግብር በኤክሴል በአንድ ፎርሙላ፣ አዲሱ ተመን ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ»። ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቀዳል፤ ስልክ ላይ ግን መጨረሻው ስለሚቆረጥ ሰው የሚፈልጋቸው ቃላት ከፊት ሆኑ፣ ቀኑ ወደ ኋላ ሄደ። በምስሉ ላይ የተጻፈው ርዕሱን አልደገመም፤ «2,000 ብር ነፃ» ብቻ ይላል። አዲሱን ተመን የሰማ ሰው ቁጥሯን ሲያይ ያውቃታል።

መግለጫው ላይ የመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ደሞዝ» የሚለው አጻጻፍ እዚያ ገባ። ሁለተኛው መስመር ፎርሙላው፣ ሦስተኛው ደግሞ በላቲን የሚፈልገውን ሰው ቃል ይዞ ተጻፈ። ቃላትን በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ መግለጫውን መሙላት አልተደረገም፤ ዩቲዩብ ያንን እንደ ማታለል ያየዋል። ታግ የሚባለው ሳጥን 500 ፊደል ይይዛል፤ ዩቲዩብ ራሱ ሚናው አነስተኛ እንደሆነና በዋናነት በተሳሳተ አጻጻፍ ለሚፈለጉ ቃላት እንደሚጠቅም ይናገራል፤ ስለዚህ እዚያ የገቡት የፊደል ልዩነቶች ብቻ ናቸው። ቪዲዮው በምዕራፍም ተከፈለ። ለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት 0:00 መሆን፣ ምዕራፎቹም ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከ10 ሰኮንድ ማነስ የለባቸውም። የምዕራፎቹ ስም ራሱ ሌላ ጠባብ ሐረግ ነው፦ «የተጣራ ደመወዝ»፣ «7 በመቶ ጡረታ»፣ «`#VALUE!` ከመጣ»። የመጨረሻው የገባው ምክንያት አለው፤ ደመወዙን «12000 ብር» ብሎ በአንድ ሳጥን የሚጽፍ ጀማሪ ብዙ ነው፤ «ብር» የሚለው ቃል ቁጥሩን ጽሑፍ ያደርገውና ፎርሙላው ይሰበራል።

ስቱዲዮው የነገረው

ለውጡ በመጀመሪያው ቀን አልታየም። ጠባብ ቪዲዮ ሲወጣ ጸጥ ይላል፤ የሚያነሳሳው ጓደኛ ሳይሆን የወር መጨረሻ ነው። የደመወዝ ቪዲዮዋ መታየት የጀመረችው ደመወዝ በሚሠራባቸው ቀናት ሲሆን በየወሩ በዚያው ሰሞን ከፍ፣ በመሐል ዝቅ ትላለች። ይህን የማያውቅ ሰው በወሩ አጋማሽ «ቪዲዮው ሞተ» ብሎ ርዕሱን ይቀይርና የያዘውን ቦታ ያጣል። ርዕስ ሲቀየር ቢያንስ አንድ ሙሉ የደመወዝ ዙር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ትምህርት የተገኘው ከትራፊክ ምንጭ ሥር የዩቲዩብ ፍለጋ ሲነካ ከሚወጣው የቃላት ዝርዝር ነው። እዚያ የሚታየው ሰዎች ቪዲዮውን ከማግኘታቸው በፊት የጻፉት ሐረግ ነው። ከፍ ብለው የነበሩት ርዕሱ ላይ ያሉት ቃላት አልነበሩም፤ «የተጣራ ደመወዝ» የሚለውና በላቲን የተጻፉት ነበሩ። በጽሑፍ ሕግ ቋንቋ «የመቀጠር ገቢ ግብር» የሚለው ትክክለኛ ስም ከሞላ ጎደል አልታየም።

የቆይታ ግራፉ ደግሞ ለጊዜው አስደነገጠ። አብዛኛው ተመልካች ቪዲዮውን አይጨርስም፤ ፎርሙላው ስክሪን ላይ የቆመበት ቦታ ላይ ግራፉ እንደ ጉብታ ያብጣል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ጉብታው ሰዎች እየመለሱ እንደሚያዩት ያመለክታል፤ ቁልቁለቱም ፎርሙላውን ወስደው ወደ ፋይላቸው መሄዳቸውን። በሰፊ ቃል የመጣ ተመልካች የሚወጣው ከመግቢያው ላይ ነው፤ በጠባብ ቃል የመጣው መልሱን ካገኘ በኋላ። ሁለቱ መውጣቶች በአማካይ ቁጥር ላይ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ግራፉን ከፍተው መውጫው ከመልሱ በፊት ይሁን በኋላ ሳያዩ ቪዲዮውን ደካማ ነው ማለት ስህተት ነው። ጉብታውን ካዩ በኋላ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፦ ፎርሙላውን ከአስተያየቶች ሁሉ በላይ ሰክተው አስቀመጡት።

ከልክ በላይ ሲጠብ

ጥሩ ሲሄድ ሰው ያበዛል። ጠጋኙ «ቻርጅ አይገባም» የሚለው ቪዲዮ ፈላጊ ሲያገኝ፣ ያንኑ ጥገና በየስልኩ ሞዴል እየለየ አምስት ቪዲዮ አድርጎ ጫነው። የሶኬት አጸዳዱ በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሽፋኑ አከፋፈት ብቻ ነበር። አምስቱ በአንድ ፍለጋ ላይ እርስ በርስ ተጋፉ፤ አንዱ ቢሰበስበው የሚጠቅመው ተመልካች ለአምስት ተከፈለ። ሞዴል በርዕስ መግባት ያለበት ሥራው በዚያ ሞዴል ላይ ሲለይ ነው፤ ለምሳሌ ቻርጂንግ ቦርዱ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየርበት ስልክና ሶኬቱ ከዋናው ቦርድ ላይ በብየዳ የሚነሳበት ስልክ አንድ ቪዲዮ ሊሆኑ አይችሉም። የመጀመሪያው በካቻቢቴ ያልቃል፤ ሁለተኛው ሙቅ አየር ይፈልጋል፣ ያለ ልምድ የነካው ሰውም ቦርዱን ያቃጥላል።

ሌላው ወሰን ጊዜ ነው። ጠባብ መልስ ትክክለኛ የሚሆነው ነገሩ እስካልተለወጠ ነው። ቻናሉ ላይ በአሮጌው ተመን የተሠራ ቪዲዮ ነበር፤ አሁንም ከፍለጋ ሰው ያመጣ ነበር፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ግን የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ዩቲዩብ ላይ የተጫነን ፋይል በሌላ መተካት አይቻልም። መሰረዝም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን የቀድሞ ዓመታት ሒሳብ ኦዲት የሚደረግበት ሰው አሮጌውን ተመን ይፈልገዋል። ስለዚህ ርዕሱ «የደመወዝ ግብር በኤክሴል፣ እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም ለነበረው ተመን» ሆነ፤ በምስሉ ላይ «አሮጌው» ተብሎ ተጻፈ፤ በቪዲዮው የመጀመሪያ ሰኮንዶች ላይም ወደ አዲሱ የሚወስድ ካርድ ተለጠፈ። አሮጌው በር ጠባቂ ሆነ።

ሰፊው ቃልስ? አልተጣለም። «ኤክሴል በአማርኛ» አሁን የቪዲዮ ርዕስ መሆኑ ቀርቶ የፕሌይሊስት ስም ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጥያቄ የሚመልሱ ናቸው። የደመወዙን አይቶ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያየው እዚያው ተደርድሮለታል። በሰፊው ቃል ከፍለጋ የሚመጣ ሰው አሁንም ጥቂት ነው፤ ይህ እስኪቀየር ብዙ ቪዲዮ ይጠይቃል፣ ላይቀየርም ይችላል።

በፍለጋ ዝርዝሩ ውስጥ መልስ ያልተሠራለት አንድ ሐረግ በየወሩ ይመለሳል፦ «ትርፍ ሰዓት በኤክሴል»። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ማባዛቱ ቀላል ነው። ቪዲዮውን ያዘገየው ሰዓቱ ነው፤ የጥበቃና የመጋዘን ሠራተኛው መዝገብ «ማታ 4፡00» ይላል፣ ኤክሴል ግን `4:00` ሲጻፍለት ንጋት ላይ ያለ የፈረንጅ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ማታ 4 ለኤክሴል `22:00` ነው። አሠልጣኟ ደብተሯ ላይ ለቪዲዮው የጻፈችው ርዕስ ከትርፍ ሰዓት የሚጀምር አይደለም፤ «የሀበሻ ሰዓት ኤክሴል ላይ አልሠራ ሲል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በእርሳስ፦ «ሐበሻ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ በላቲን፤ ሦስቱንም ፈልጊ»።